ሣጥኖቹን አያጥፏቸው፦ የተበላሸ የአማርኛ ጽሑፍ ምን ያህሉ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «ባልደረባዬ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በኢሜይል ላከልኝ። አባሪውን ከፍቼ ኮፒ አድርጌ ወደ ራሴ ሰነድ ስለጥፈው á የምትል ምልክትና ባዶ ሣጥን ብቻ ሆነብኝ። ሦስት የአማርኛ ፎንት ጫንኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ሣጥኖቹን በጅምላ አጥፍቼ የቀረውን አንድ በአንድ ወደ ፊደል ለመመለስ አስቤያለሁ። ያዋጣል? አንዱ መስመር ይህን ይመስላል።»

```
áˆµá‰¥áˆ°á‰£á‹□ áŠ□áŒˆ áŠ□á‹□á□¢
```

ምላሽ፦ አያጥፏቸው። ከዚህ መስመር ውስጥ በጣም የሚያስፈልጉን እነዚያው ሣጥኖች ናቸው። እነሱ በቦታቸው እስካሉ ድረስ ጽሑፉ አንድም ፊደል ሳይጎድል ሊመለስ ይችላል። ከጠፉ ግን አምስትና ስድስት ፊደላት አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ የቱ የትኛው እንደነበር ለይቶ የሚነግርዎ ፕሮግራም አይገኝም።

ፎንቱንም ይተዉት። ፎንት የሚያመጣው የፊደልን ቅርጽ ነው፤ እርስዎ ጋ የጎደለው ቅርጽ አይደለም። á የላቲን ፊደል ናት፤ ኮምፒውተርዎ á እንድትሳል ታዘዘ፣ á ሣለ። መቶ ፎንት ቢጭኑ á ወደ ስ አትለወጥም። ፎንት መጫን የሚረዳው ሌላ ዓይነት ሣጥን ሲገጥም ነው፦ á የምትባል ነገር ጭራሽ ሳትኖር፣ ጽሑፉ በሙሉ ሣጥን ብቻ ሆኖ፣ የሣጥኖቹም ቁጥር ከፊደሉ ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን። ያኔ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ደርሷል፤ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የሚስልበት ፎንት አጥቶ ነው። ያንኑ ጽሑፍ ወደ ሌላ ስልክ ቢልኩት ይነበባል። የእርስዎ ሣጥኖች ግን ከ á ጋር ተሰባጥረው የተቀመጡ ናቸውና ጉዳያቸው ሌላ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይትም እንደ E1 ባለ ሁለት ምልክት የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ የምንጠቀምባቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፣ E1። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ግን ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አላወቀም። ዊንዶውስ-1252 በሚባለው የቆየ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ አነበበው። በዚያ ሰንጠረዥ አንድ ባይት ማለት አንድ ፊደል ነው፣ E1 ደግሞ á ነው። ስለዚህ አንዱ የአማርኛ ፊደል ለሦስት ተከፍሎ ወጣ፣ ሁሉም በ á ጀመረ። ከላኩት መስመር ውስጥ አምስቱን ምልክቶች ብንፈታቸው እንዲህ ናቸው፦

```
ስ   E1 88 B5   á ˆ µ
ብ   E1 89 A5   á ‰ ¥
ው   E1 8B 8D   á ‹ □
ነ   E1 8A 90   á Š □
።   E1 8D A2   á □ ¢
```

መስመሩ «ስብሰባው ነገ ነው።» ነው የሚለው። ሣጥኖቹ ከየት እንደመጡም ከዚሁ ይታያል። ያ የቆየ ሰንጠረዥ አምስት ቦታዎችን ባዶ ትቷል፦ 81፣ 8D፣ 8F፣ 90 እና 9D። ከእነዚህ አንዱ ሲገጥመው ፕሮግራሙ የሚስለው ፊደል የለውም፤ የማይታይ መቆጣጠሪያ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም ያንን ምልክት በሣጥን ያሳያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያሳይም። የእርስዎ ፕሮግራም ማሳየቱ ዕድል ነው፤ ባያሳይ ኖሮ መኖራቸውንም አያውቁም ነበር።

ክፋቱ እነዚያ አምስት ባዶ ቦታዎች የወደቁት አማርኛ ያለ እነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር በማይጨርስባቸው ፊደላት ላይ ነው። ል፣ ም፣ ው፣ ነ፣ ግ፣ ኝ፣ ዝ፣ ሁ፣ ቁ፣ ሐ ሁሉም ሣጥን አላቸው። የፈ፣ የፐ እና የፀ ቤተሰቦች ከነሙሉ ዘራቸው፣ ከዚያም አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሠረዝና የግዕዝ ቁጥሮች ሁለተኛ ባይታቸው 8D ስለሆነ ሣጥኑ መሃላቸው ላይ ይቀመጣል። «ነው» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሁለት ሣጥን ትይዛለች። በላኩት መስመር አሥር ምልክት ብቻ እያለ አምስት ሣጥን የተገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ሣጥኖቹን ቢያጠፏቸው ምን እንደሚሆን እንይ። áˆ የሚለው ጥንድ ብቻውን ሲቀር ሁ ሊሆን ይችላል፣ ል ሊሆን ይችላል፣ ሏ፣ ሐ ወይም ም ሊሆን ይችላል። ፈም ከመሃሉ ሣጥኑ ሲወጣ ያንኑ áˆ ይሆናል። ስለዚህ áˆµáˆ ብሎ የተረፈ ቃል «ስም» ይሁን «ስል» አይታወቅም፤ áˆáŒ… ደግሞ «ልጅ»ም «ፈጅ»ም ነው። ተራ ዓረፍተ ነገር ከሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ከአገባቡ ይደርስበታል፣ ነገረ ፈጅንና የነገር ልጅን ማን ያምታታል። የሰው ስም፣ የቦታ ስምና አህጽሮተ ቃል ሲሆን ግን አገባብ አይረዳም። አንድ ጊዜ ሣጥኖቹ «ተጸድተው» የተላከልኝን የስም ዝርዝር ለመመለስ ሞክሬ ነበር። የሰዎቹን ስም ባብዛኛው በግምት አገኘሁ፤ የአያት ስም ላይ ስደርስ ግን ግምት መሆኑ ቀርቶ ፈጠራ ሆነብኝና ሥራውን ለላከው ሰው መለስኩ። ቃለ ጉባኤም የተሰብሳቢ ስም አለበት፣ ይህን አይርሱ።

ከሣጥኖቹ ሌላ በዓይን የማይያዙ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ር፣ ክ፣ ይ እና ጭ ላይ ነው። የእነዚህ ሦስተኛ ባይት በዚያ ሰንጠረዥ ለስላሳ ሠረዝ የሚባለው ምልክት ነው፤ ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ ካልተቆረጠ በቀር አይታይም፣ ሣጥንም አይሆንም። ጽሑፍ የሚቀበሉ ብዙ ቅጾች ደግሞ ሳይጠይቁ ያወጡታል። ሁለተኛው በ፣ አ እና ጠ ላይ ነው። የእነሱ ሦስተኛ ባይት የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው፣ ሲያዩት ከተራ ክፍት ቦታ አይለይም። ሲለጠፍ ወደ ተራ ክፍት ቦታ ከተለወጠ አ እና በ የጀመሩት ቃል ሁሉ ከመጀመሪያ ፊደሉ ላይ ይሰበራል፣ መመለሻውም አይገጥምም። ኮፒና ፔስት ላይ አልተማመንም የምለው በዚህ የተነሳ ነው። እያንዳንዱ መለጠፍ አንድ ማጣሪያ ነው፣ ምን እንደጣለም አይነግርም።

ምን ያህል እንደተረፈ ለማወቅ መቁጠር በቂ ነው። አንድ ፊደል ሦስት ምልክት ስለሚሆን የአንድ ቃል የምልክት ቁጥር ለሦስት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የመጀመሪያውን ቃልዎን ይምረጡና የጽሑፍ ማረሚያው የሚያሳየውን ቁጥር ያንብቡ። «ስብሰባው» አምስት ፊደል ነው፣ 15 መሆን አለበት። 14 ካለዎት የው መጨረሻ ጠፍቷል። ቁጥር የማያሳይ ፕሮግራም ከሆነ ጠቋሚውን በቀስት ቁልፍ ያራምዱት። አንዴ ተጭነው ጠቋሚው ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ባዶ ቦታ ላይ ከቆመ፣ እዚያ የማይታይ ነገር አለ። መልካም ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ጉዳቱ ፋይሉ ውስጥ ነው ወይስ ሲከፈት ብቻ ነው የመጣው? አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። የለጠፉበትን ሰነድ ሳያስቀምጡ ይዝጉ፣ ከኢሜይሉ አባሪውን እንደገና ያውርዱ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት። በኖትፓድ File ብለው Open ይበሉ፣ ከመስኮቱ ግርጌ Encoding የሚለው ላይ UTF-8 ይምረጡና ይክፈቱ። በኮማ የተለየ ሠንጠረዥ ከሆነና በኤክሴል የሚከፍቱት ከሆነ ደግሞ በ Data በኩል From Text/CSV ይበሉና File Origin የሚለው ላይ 65001: Unicode (UTF-8) የሚለውን ይምረጡ። አማርኛው ከወጣ ሥራው አለቀ፤ ምንም የሚጠገን ነገር አልነበረም።

በ UTF-8 ተከፍቶም á ካልለቀቀ ላኪው ራሱ የተበላሸውን አስቀምጦ ነው የላከው። የፋይሉ መጠንም ይህን ያሳብቃል። «ስብሰባው ነገ ነው።» በትክክል ሲቀመጥ 32 ባይት ነው፦ አሥር ምልክት በሦስት፣ ሁለት ክፍት ቦታ ተጨምሮ። ተበላሽቶ እንደገና በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ á ራሷ ሁለት ባይት ትሆናለች፣ ‰ እና ‹ ሦስት ሦስት ይሆናሉ፤ ያው መስመር 66 ባይት ይደርሳል። ላኪው ጋ ያለው ዋናው ፋይል እርስዎ ጋ ካለው ከግማሽ ያነሰ ከሆነ እሱን ያስልኩ፣ ይህን አይጠግኑ።

ዋናው ከሌለ ነው ወደ ጥገና የሚሄዱት። ጥገናው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ እያንዳንዱን የላቲን ምልክት ወደ ባይቱ መልሶ ባይቶቹን ዩቲኤፍ-8 ናችሁ ብሎ ማንበብ። በፓይተን ይህ በቂ ነው፤ የሚሠራው በፋይሉ ቅጂ ላይ ይሁን።

```python
def bayt(c):
    try:
        return c.encode("cp1252")
    except UnicodeEncodeError:
        return c.encode("latin-1")

s = open("bad.txt", encoding="utf-8-sig").read()
b = b"".join(bayt(c) for c in s)
t = b.decode("utf-8")
open("good.txt", "w", encoding="utf-8").write(t)
```

ሁለት እርምጃ ያስፈለገው በሣጥኖቹ ምክንያት ነው። በ cp1252፣ ማለትም በዚያው በዊንዶውስ-1252፣ ብቻ ቢሞክሩት የመጀመሪያው ሣጥን ላይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሰንጠረዡ ለእነዚያ አምስት ቦታዎች ምንም የለውም። ሰዎች «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉት ባብዛኛው እዚህ ላይ ቆመው ነው። latin-1 የሚባለው ሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ እነዚያን የማይታዩ ምልክቶች እንዳሉ ወደ ባይት ይመልሳቸዋል። decode የሚለው መስመር ላይ ስህተት ከወጣ ባይት የጎደለበትን ቦታ በቁጥር ይነግርዎታል፤ ሄደው ያንን ቃል ይዩት። ስህተቱን ዝም ለማሰኘት errors="ignore" አይጨምሩ። ፕሮግራሙ ያልፋል፣ ውጤቱም ያማረ ይመስላል፣ ነገር ግን ያልተሟሉት ፊደላት ተዘለው ስለሚወጡ «ነው» የነበረው ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ የት የት እንደጎደለም ምልክት አይተውም። ሌላ የስህተት ምክንያት ፋይሉ ከፊሉ ጤነኛ አማርኛ፣ ከፊሉ የተበላሸ ሲሆን ነው፤ ያኔ የተበላሹትን መስመሮች ለይተው ወደ ሌላ ፋይል ያውጡና እነሱን ብቻ ያሳልፏቸው።

á በሌለበት ቦታ б የምትል የሩሲያ ፊደል ቢደጋገም ኮምፒውተሩ ያነበበው በሲሪሊክ ሰንጠረዥ ነው ማለት ነው፤ cp1252 የሚለውን በ cp1251 መተካት ነው።

የማይመለሰውንም ልናገር። በጽሑፉ ውስጥ በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኙ፣ ወይም ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ፋይሉ ውስጥ ራሱ ተቀምጦ ካገኙ፣ እዚያ የሚጠገን የለም። የጥያቄ ምልክቱ የመጣው አንድ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደልን በአንድ ባይት ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ሲገደድ ቦታ አጥቶ ሁሉንም በአንድ ምልክት ስለተካቸው ነው። ስም ቢሆን ስል፣ ሁለቱም ?? ሆነዋል። á የለበሰው ልብስ ይከፋል እንጂ ውስጡ ሰው አለ፤ በ ? ውስጥ ግን ማንም የለም። «እንመልሳለን» የሚል ቢያገኙ ገንዘብዎን ይያዙ።

አንድ የተለየ ጉዳይ ደግሞ አለ፣ እሱ ላይ ፎንት በእርግጥ ይሠራል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 ወጥቶ በነበረው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በግዕዝ ቅርጽ በሞሉ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ «የኢትዮጵያ» ያለ ፎንቱ ሲለጠፍ ይህን ይሆናል፦

```
¾›=ƒÄåÁ
```

የሚለየው á በየሦስቱ ምልክት የመመላለስ ሥርዓት ስለሌለው ነው፤ አንዱ ፊደል አንድ ወይም ሁለት ምልክት ይሆናል። ይህን ከላይ ባለው ፕሮግራም አይንኩት፣ ባይቱ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ አያውቅምና። ፎንቱን ጭነው ያንኑ ፎንት ሲመርጡለት ይነበባል። ፍለጋና ኮፒ እንዲሠራ ከፈለጉ ግን ለዚያው ፎንት በተሠራ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ ማስገባት ግድ ነው፤ የአንዱ ፎንት መለወጫ የሌላውን ፎንት ጽሑፍ ወደ ሌላ ትርጉም የለሽ አማርኛ ነው የሚለውጠው።

ለእርስዎ ምክሬ አንድ ነው። የለጠፉበትን ሰነድ ሳያስቀምጡ ዝጉት፣ አባሪውን እንደ አዲስ አውርደው በ UTF-8 ይክፈቱት። ያልሆነ እንደሆነ ባልደረባዎ የጻፈበትን ዋና ሰነድ ከነቅርጸቱ፣ የዎርድ ፋይሉን ራሱን፣ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ሰነዱ በእሱ ስክሪን ላይ በአማርኛ ከታየ አጻጻፉ ውስጡ አለ። ዋናው ጠፍቶ ይህ ብቻ ከቀረ በፓይተን ያሳልፉት፣ ከላይ በላኩት መስመር ዓይነት ሣጥኖቹና የማይታዩት ምልክቶች ሁሉ ካሉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የተሰብሳቢዎቹን ስምና የውሳኔ ቁጥሮቹን ለባልደረባዎ በስልክ አንብበው ያመሳክሩ፤ በተለይ ም፣ ል፣ ነ፣ ው እና ፈ ያሉባቸውን።